3፣ 2፣ 1፦ በዱቄት፣ በቅባትና በውሃ ልክ ብቻ ፓይ መሥራት

ሪሲፒ ከኢንተርኔት ስታወጡ መጀመሪያ የሚያጣላችሁ "2 ከግማሽ ኩባያ ዱቄት" የሚለው ነው። የማን ኩባያ? አራት ኪሎ ያለችው ቤቴ ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት ኩባያ አለኝ፣ ትልቁ የትንሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ቀጥሎ ደግሞ ሪሲፒው 227 ግራም ቅቤ ይላችኋል። እናንተ ፍሪጅ ውስጥ ያላችሁ 140 ግራም ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ሱቅ ይሮጣል።

መሮጥ አያስፈልግም። የፓይ ሊጥ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ 3 እጅ ዱቄት፣ 2 እጅ ቅባት፣ 1 እጅ ውሃ። ትንሽ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ በቃ። ዱቄቱ 300 ግራም ከሆነ ቅቤው 200፣ ውሃው 100 ነው። ዱቄቱ 90 ግራም ከሆነ ቅቤው 60፣ ውሃው 30። መጠኑ ይለዋወጣል፣ ልኩ ግን አይለወጥም።

እናቶቻችን ይህን አዲስ ነገር ነው ብለው አይሰሙትም። ማንም እናት ስታቦካ ወረቀት አታይም፣ ዱቄቱን ታያለች፣ ውሃውን በዓይኗ ትለካለች። ልዩነቱ የእነሱ ልክ እጃቸው ውስጥ ነው ያለው፣ ለዓመታት ደጋግመው ስለሠሩት። እኛ ፓይ በዓመት ሁለቴ የምንሠራ ሰዎች ያ እጅ የለንም፤ ስለዚህ ልኩን በቁጥር እንይዘዋለን።

መጀመሪያ ሚዛን

3፣ 2፣ 1 የሚሠራው በክብደት ነው። በብርጭቆ አይሠራም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

እኔ ሚዛን ሳልገዛ በፊት የውሃ ብርጭቆዬን ይዤ ሰፈር ሱቅ ወረድኩ።

"ወንድሜ፣ በዚች ብርጭቆ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ዱቄት መዝንልኝ።"

"ለምንድን ነው እህቴ? ልትሸጪ ነው?"

"ቤት ልሠራበት ነው።"

ባዶውን መዘነ፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ውሃው 200 ግራም መጣ። ዘይቱ 184። ዱቄቱ በማንኪያ እየተጨመረ ሳይጠቀጠቅ ሲሞላ 105 ገደማ፣ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ሲሞላት ደግሞ 130 ደረሰ። ያው ብርጭቆ፣ ያው ዱቄት፣ 25 ግራም ልዩነት።

አሁን 3፣ 2፣ 1ን በብርጭቆ ብትሠሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። 3 ብርጭቆ ዱቄት 315 ግራም ነው። 2 ብርጭቆ ዘይት 368። ዘይቱ ከዱቄቱ በለጠ ማለት ነው። 1 ብርጭቆ ውሃ 200። እጃችሁ ላይ ያለው ሊጥ አይደለም፣ ሾርባ ነው።

ስለዚህ ግራም በግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ሳህኑን አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ዱቄት ጨምሩ፣ እንደገና ዜሮ አድርጉ፣ ቅቤ ጨምሩ። ውሃውንም እዚያው ላይ መመዘን ይቻላል፣ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነውና። ሚዛን ከሌላችሁ እኔ እንዳደረግኩት አንዲት ብርጭቆ ምረጡ፣ አስመዝኑ፣ ውጤቱን ጽፋችሁ ካቢኔው በር ላይ ለጥፉት፤ ከዚያ ወዲያ ሁሌም በዚያችው ብርጭቆ፣ ሁሌም ሳትጠቀጥቁ። በእኔዋ ብርጭቆ 300 ግራም ዱቄት ማለት 3 ሊሞላ ትንሽ የጎደለ፣ 100 ግራም ውሃ ማለት ግማሽ ብርጭቆ ነው። የገበታ ቅቤ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ክብደቱ ስለተጻፈ በቢላ መከፋፈል ይበቃል።

ሂሳቡ በሁለት አቅጣጫ

3 እና 2 እና 1 ሲደመሩ 6 ናቸው። ይህቺ 6 ብዙ ነገር ታቃልላለች።

ምን ያህል ሊጥ እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ ለ6 አካፍሉት። ለልጆች ምሳ ዕቃ 12 ትንንሽ ፓይ ልሥራ ብትሉ፣ አንዱ 75 ግራም ሊጥ ከወሰደ 900 ግራም ያስፈልጋችኋል። 900 ለ6፣ 150። ስለዚህ ዱቄት 450፣ ቅቤ 300፣ ውሃ 150።

ወይም ካላችሁ ነገር ተነሡ። ያቺ 140 ግራም ቅቤ ትዝ አለቻችሁ? ቅቤ 2 እጅ ነው፣ ስለዚህ አንዱ እጅ 70 ግራም ነው። ዱቄት 210፣ ውሃ 70። ሊጡ 420 ግራም ይሆናል፣ ክዳን ለሌለው አንድ ትልቅ ፓይ ከበቂ በላይ ነው። ሱቅ መሮጥ ቀረ።

ሦስቱ ቁጥሮች ግን እኩል አይጸኑም። 3ቱ መሠረቱ ነው፣ እሱን አትነኩትም። 2ቱ ፓዩ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ይወስናል፤ ወደ 1 ከግማሽ ብታወርዱት ይሠራል፣ ግን ጠንከር ይላል። 1ዱ፣ ውሃው፣ ከሁሉም የሚወላውለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዱቄት ይደርቃልና ብዙ ውሃ ይጠጣል። ክረምት ላይ ያው ዱቄት እርጥበት ስቦ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ስለዚህ 100 ግራም ውሃ ስትለኩ ሁሉንም ለመጨመር ሳይሆን፣ ከእሱ እየጨመራችሁ ለማቆም ነው። "ዱቄቱ የጠየቀውን ስጡት" የሚባለው እውነት ነው፤ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ጥያቄው የት አካባቢ እንደሚያበቃ ነው።

አንድ ፓይ፣ ከዱቄት እስከ ኦቨን

ለ24 ሴንቲ ሜትር ክብ የኬክ መጋገሪያ፣ ክዳን ያለው የምስር ፓይ እንሥራ። ዱቄት 300፣ የገበታ ቅቤ 200፣ ቀዝቃዛ ውሃ 100፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ዱቄቱ ተራው ነጭ የፉርኖ ዱቄት ይሁን።

ከሊጡ በፊት ምስሩን ጨርሱ፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። 250 ግራም ድፍን ምስር ቀቅሉ፤ ይብሰል እንጂ አይፍረስ። ሦስት ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ፣ ያጠለላችሁትን ምስር አስገቡና ድስቱ ሥር ፈሳሽ እስከማይታይ ድረስ አድርቁት። ልክ እንደ ሳምቡሳ ምስር። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት።

አሁን ሊጡ። ቅቤው ከፍሪጅ በወጣበት ቅዝቃዜው ይሁን። ባቄላ በሚያህል መጠን ቆራርጡትና ጨው ያለበት ዱቄት ውስጥ ጣሉት። በጣታችሁ ጫፍ ብቻ፣ በመዳፍ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በዱቄት እየሸፈናችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ አሳስሱት። መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። የምትፈልጉት መልክ አንድ ዓይነት አይደለም፦ ከፊሉ ሽንብራ የሚያህል ጠፍጣፋ፣ ከፊሉ ምስር የሚያህል፣ ቀሪው እንደ ፍርፋሪ። ሁሉም አሸዋ እስኪመስል አትሹት።

ለምን? እነዚያ ጠፍጣፋ የቅቤ ቁራጮች ሊጡ ሲዳመጥ እንደ ስስ ቅጠል ይዘረጋሉ። ኦቨን ውስጥ ሲገቡ ቅቤው ይቀልጣል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ከላይና ከታች ያለውን ሊጥ ይገፋል፣ በዚያ ክፍተት ምክንያት ፓዩ ሲቆረጥ ቅጠል በቅጠል ይነጣጠላል። ቅቤው አስቀድሞ ቀልጦ ዱቄቱ ውስጥ ከጠፋ ግን የሚነጣጠል ነገር አይኖርም፣ እንደ ብስኩት ፍርክስ ይላል። እሱም ይበላል፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ውሃው። ከ100 ግራሙ 70 ያህሉን ዙሪያውን አርከፍክፉት፣ በሹካ ወዘወዝ አድርጉ። አሁን አንድ እፍኝ አንሡና ጨበጥ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደተያያዘ ከቀረ በቅቶታል። ከተፈረፈረ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ እንደገና ጨብጡ። እጅ ላይ ከተለጠፈ አልፋችኋል። የእኔ በበጋ ብዙ ጊዜ 95 ላይ ያቆማል፣ ሐምሌ ላይ 80 ላይ በቅቶት ያውቃል።

አታቡኩት! የዳቦ እጅ ያለው ሰው እዚህ ጋ ራሱን መያዝ ይከብደዋል። ስንዴ ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን የሚባለው እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ይፈጠራል፤ ዳቦን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው፣ ፓይን የሚያደርቀውም እሱ ነው። ቅባቱ ዱቄቱን ሸፍኖ ውሃው እንዳይደርስበት የሚያደርገው ለዚህ ነው፣ እናንተ አብዝታችሁ ስታሹት የቅባቱን ሥራ ታፈርሱበታላችሁ። ሰብሰብ አድርጋችሁ አያይዙት፣ ወፍራም ቂጣ አስመስላችሁ ጠፍጥፉት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አስቀምጡት። መብራት ከጠፋ አትጨነቁ፣ የአዲስ አበባ ማታ ራሱ ፍሪጅ ነው፤ በፌስታሉ እንዳለ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ ወይም ጥላ ያለበት መስኮት ላይ አኑሩት።

ሲወጣ ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ ለሥሩ 350 ግራም፣ ለክዳኑ 250። ዱቄት በትንሹ ነስንሳችሁ ከመሐል ወደ ውጭ ዳምጡት፣ በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞራችሁ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ። መዳመጫ ከሌለ ወረቀቱ የተላጠና የታጠበ ጠርሙስ ይሠራል። የሥሩን ሊጥ መጋገሪያው ላይ ስታነጥፉ አትሳቡት፣ ወደ ውስጥ እያስገባችሁ አስቀምጡት። የተሳበ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ተመልሶ ይሰበሰባል።

የቀዘቀዘውን ምስር ሙሉበት፣ ጠርዙን በውሃ አርጥቡ፣ ክዳኑን አልብሱ፣ ዙሪያውን በሹካ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ዝጉ፣ አናቱን በቢላ ሦስት አራት ቦታ ብሱት። እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፣ ካጣ ጠርዙን ፈልቅቆ ይወጣል።

ኦቨኑ አስቀድሞ 200 ዲግሪ ሞቆ ይጠብቃችሁ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ ከሥር በቂ ሙቀት እንዲያገኝ ነው። 20 ደቂቃ በ200፣ ከዚያ ወደ 180 አውርዱና ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። መብሰሉን በቀለም ለዩት። ገርጣ ያለ ወርቃማ ሳይሆን የደንቡን ቡናማ ይያዝ። ጠርዙ ከመጋገሪያው ትንሽ ሲላቀቅና አናቱ በጥፍር ሲነካ ክሽ ሲል ደርሷል።

ቅቤው ሲቀየር

እስካሁን ያልኩት ለገበታ ቅቤ ነው። ቅቤ ግን ሁሉም ቅባት አይደለም። የገበታ ቅቤ ከ100 ግራሙ 80 ግራም ያህሉ ቅባት ነው፣ 16 ግራም ያህሉ ውሃ። ማለት 200 ግራም ቅቤ ስትጨምሩ ሳታውቁት 32 ግራም ውሃም አብሮ ገብቷል። 2 እጅ የሚለው ቁጥር ይህን አስቦ የተቀመጠ ነው።

የነጠረ የአበሻ ቅቤ ደግሞ ውሃው ተኖ ያለቀ ነው፣ ሁሉም ቅባት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 200 ከጨመራችሁ በዛ። በ300 ግራም ዱቄት 165 ይበቃል፣ ውሃውን ግን እስከ 130 ድረስ አዘጋጁ፣ ከቅቤው ጋር ይመጣ የነበረው ውሃ ቀርቷልና። ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሩት እንጂ ከማሰሮው እንደወጣ ለስልሶ አይግባ። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ከሆነ ለሥጋ ፓይ ድንቅ ነው፣ ለፖም ፓይ ግን ሳይቀመም የነጠረ ፈልጉ። ያልነጠረ ለጋ ቅቤ ለዚህ ሊጥ አልመክርም፤ የውሃው መጠን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፣ ልክ የምትሉት ነገር ልክ አይሆንም።

ትልቁ ጥያቄ ጾም ላይ ነው። ያ የምስር ፓይ ውስጡ ጾም ሆኖ ውጪው በቅቤ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ፎቅ በፎቅ የምንጎራበታቸው እማማ ሁዳዴ መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ዘይት ቢሆንስ?"

"ይሆናል እማማ፣ ግን ልኩ ይቀየራል።"

"ቅቤውን አውጥተሽ ዘይቱን በምትኩ አድርጊያ!"

እኔም በሂሳብ ሄድኩ። ቅባቱ 165፣ ውሃው 130፣ ልክ እንደ ነጠረው ቅቤ። በወረቀት ትክክል ነው። ሊጡ ግን ከእጄ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጨኝ ጀመር፣ ስዳምጠው ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ተጋግሮ ሲወጣም ሥሩ በዘይት ወዝቷል። እማማ አንድ ቁራጭ በልተው "ጣዕሙ መልካም ነው፣ ግን ተጋግሮ ነው ተጠብሶ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ ሂሳቡ ላይ አይደለም ያለው። የረጋ ቅባት በቁራጭ ቁራጩ ሊጡ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ዘይት ግን ፈሳሽ ስለሆነ ወዲያው ዱቄቱን ሁሉ ያዳርሳል፣ ስለዚህ በጣም በትንሹ ሥራውን ይጨርሳል፤ ዱቄቱ በዘይት ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ ብዙ ውሃ አይጠጣም። ከብዙ ሙከራ በኋላ የረጋሁበት ልክ ለ300 ግራም ዱቄት 130 ዘይትና 80 ውሃ ነው። ዘይቱንና ውሃውን አንድ ላይ መትታችሁ ነጣ ሲል በአንድ ጊዜ ዱቄቱ ላይ አፍስሱ፣ በሹካ ሰብስቡ። ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ 10 ደቂቃ ብቻ አሳርፉት። ቅጠል በቅጠል አይነጣጠልም፣ አትጠብቁ። ፍርክስ የሚል ለስላሳ ቅርፊት ነው የሚሰጣችሁ፣ ለምስር ግን ያምራል። ሲዳመጥ ስለሚሰበር በሁለት ፕላስቲክ መሐል አድርጋችሁ ዳምጡት።

ጾም ሆኖ ቅጠል በቅጠል እንዲሆን ከፈለጋችሁ መንገዱ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ራሱን ችሎ ይረጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ በቢላ እስኪቆረጥ ይጠነክራል። ሁሉም ቅባት ስለሆነ የነጠረ ቅቤን ልክ ተከተሉ፦ 165፣ ውሃው ከ110 እስከ 130። ማርጋሪን ከሆነ ሁለት ነገር አንብቡ። አንድ፣ ወተት ያለበት አለ፣ ጾም አይደለም። ሁለት፣ የቅባት መጠኑ። 80 በመቶ የሚል ከሆነ እንደ ቅቤ ቆጥራችሁ ተጠቀሙ። 40 ወይም 50 የሚለው ዳቦ ላይ ለመቀባት ነው፣ ግማሹ ውሃ ስለሆነ ሊጡን ያጠነክረዋል።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

ስትዳምጡት እንደ ላስቲክ ወደኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ በዝቶ ታሽቷል ወይም ውሃው በዝቷል። በጉልበት አትጫኑት። መልሳችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት፣ ይለሰልሳል። ጠርዙ ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ካወጣ ደግሞ ወይ ደርቋል ወይ ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ውጪ አቆዩትና እንደገና ሞክሩ። ያኔም ከተሰነጠቀ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ ስንጥቁን አያይዙት። አዲስ ውሃ አፍስሳችሁ እንደገና ለማቡካት አትሞክሩ፣ ያኔ ያልቅለታል።

ኦቨን ውስጥ ቅቤው ቀልጦ ትሪው ላይ ኩሬ ከሠራ ጥፋቱ የልኩ አይደለም፣ የሙቀቱ ነው። ወይ ሊጡ ሳይቀዘቅዝ ገብቷል ወይ ኦቨኑ ሳይሞቅ። ሊጡ ቅርጹን ሳይዝ ቅቤው ቀድሞ ሄደ ማለት ነው። ከተሞላ በኋላ ፓዩን በሙሉ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ጋለ ኦቨን ብታዛውሩት ይህ ችግር ይጠፋል።

ሥሩ ነጭና እርጥብ ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምስሩ ነው፤ ፈሳሽ ነበረው፣ ወይም ትኩስ ሆኖ ገብቷል። ምስሩ ደረቅ ከነበረ ደግሞ መጋገሪያው ወፍራም ሴራሚክ ይሆናል፣ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ስስ ብረት ይሻላል።

ልኩ የማይሠራበት ቦታ

3፣ 2፣ 1 ለኦቨን ነው። በዚህ ሊጥ ሳምቡሳ ጠቅልላችሁ ዘይት ውስጥ ብትከቱት ይበተናል፣ ቅባቱ ስለበዛ እርስ በርሱ የሚይዘው የለም። ለሳምቡሳ እኔ 10፣ 1፣ 5 እይዛለሁ፤ 500 ግራም ዱቄት፣ 50 ዘይት፣ 250 ውሃ፣ እሱም በደንብ ታሽቶ። እዚህ መለጠጡን ትፈልጉታላችሁ። ያው ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ቅባቱ ሲቀንስ ሊጡ ከሚፈረከስ ወደሚለጠጥ ተቀየረ።

ወደ ሌላው ጫፍ ስትሄዱ ደግሞ የላዛኛ ነጭ ሶስ አለ። 1 ዱቄት፣ 1 ቅቤ፣ 10 ወተት። 50 ግራም ዱቄት በ50 ግራም ቅቤ ለሁለት ደቂቃ ታቁላላላችሁ፣ ግማሽ ሊትር ወተት በትንሽ በትንሹ እየመታችሁ ትጨምራላችሁ፣ እስኪንፈቀፈቅ ታማስላላችሁ። ቅቤው እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ስለሸፈነው አይጓጉልም። ወተቱ በበዛ ቁጥር ይቀጥናል፣ እሱ ብቻ ነው የሚቀየረው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ለሶሱ መወፈር ያ በቂ ነው፤ ግን እሳት ላይ ከረሳችሁት ቶሎ እየተነነ ስለሚሄድ ትንሽ ወተት አጠገባችሁ ይኑር።

የፓዩ ጠርዝ ሲከረከም ከ600 ግራሙ 80 ወይም 100 ግራም ሊጥ ይተርፋችኋል። አትጣሉት፣ እንደገናም ድቡልቡል አድርጋችሁ አትሹት። ቁራጮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባችሁ ዳምጡት፣ በጣት ስፋት ቁረጡት፣ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሱበትና ፓዩ ሲወጣ እዚያው በሞቀው ኦቨን ውስጥ 12 ደቂቃ አቆዩት። በእኛ ቤት ፓዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚበላው እሱ ነው።